ስብሰባ ላይ ለጮኽንባት ባልደረባ የይቅርታ መልእክት እንዴት ይጻፋል?

ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ። ዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል። ኮንቴይነሩ ረቡዕ ማታ ወደ ጅቡቲ መንቀሳቀስ አለበት። ፊኒሺንግ ላይ ያለው ሥራ ግን ገና ግማሽ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፍቶብን ከሰዓት ሙሉ ቆመን ውለናል። የስቶር ኃላፊዋ ደብተሯን ገልጣ «ዚፕ 400 ፍሬ ይጎድላል» ስትል የላይን ሱፐርቫይዘሩ ከወንበሩ ተነሥቶ «ቁጥር መቁጠር ካቃተሽ ቦታውን ልቀቂ!» አላት።

ሱፐርቫይዘሩ እኔ ነኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እሷም ደብተሯን ከድና እስከ መጨረሻው አልተናገረችም። ከምሳ በኋላ መሳቢያዬን ስከፍት ከአሥር ቀን በፊት የጻፈችልኝን ማስታወሻ አገኘሁት። ዚፑ እንደሚጎድል፣ ስንት እንደሚጎድል፣ በቶሎ ካልታዘዘ ሥራ እንደሚያቆም፣ ሁሉም ተጽፏል። ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው፤ አልከፈትኩትም።

ያን ቀን ማታ የላክሁላት መልእክት አራተኛው ነው። ሦስቱን ጽፌ አጥፍቻቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእነዚያ የጠፉት ሦስቱ ትምህርት ነው፤ ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ደረጃ በደረጃ ቢከተለው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ የተናገሩትን እንዳለ ይጻፉ

መልእክቱን ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ፦ ከአፍዎ የወጣውን ቃል፣ ሳይቀንሱ ሳያለሰልሱ። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ነው። ሰው የራሱን ክፉ ቃል ቶሎ ይረሳል፤ ትዝ የሚለው «ትንሽ ተቆጣሁ» የሚለው ብቻ ነው። የሰማችው ግን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

እኔም መጀመሪያ የጻፍኩት «ስለ ቆጠራው ጠንከር አድርጌ ተናገርኳት» የሚል ነበር። ቃሉ በትክክል ትዝ ካላለዎት እዚያ ከነበሩት አንድ ሰው ብቻ ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ሰው ከጠየቁ ወሬው ሰርቪስ ላይ ይደርሳል፤ ሰርቪስ ላይ የደረሰ ነገር የሐረጎን ዳገት ሳይጨርስ ደሴ ይገባል። እኔ የጠየቅኩት የፊኒሺንጉን ልጅ ነበር። «‹ቦታውን ልቀቂ› ነው ያልካት» አለኝ፤ ፊቴንም አላየኝም።

ከዚያ መስመር ሥር ሁለት ነገር ለይተው ይጻፉ። አንደኛው አነጋገሩ ነው፦ መጮህዎ፣ ሰው ፊት መሆኑ፣ መዝለፍዎ። ሁለተኛው ጉዳዩ ነው፦ ዚፑ፣ ቁጥሩ፣ ማን ትክክል እንደነበር። በጉዳዩም የተሳሳቱት እርስዎ ከሆኑ፣ እንደኔ፣ መልእክቱ ሁለቱንም ይይዛል። በጉዳዩ ትክክል ከነበሩ ግን መልእክቱ ስለ አነጋገሩ ብቻ ይሁን፤ ጉዳዩን ጨርሶ አያንሡት። «ቁጥሩ ላይ ያልኩት ልክ ነው፣ አነጋገሬ ግን ትክክል አልነበረም» ብሎ የጻፈ ሰው ክርክሩን እንደገና ከፍቶ ይቅርታውን እንደ ቡና ቁርስ ከጎን አቅርቦታል። ስለ ቁጥሩ ነገ በሥራ ሰዓት ማውራት ይቻላል።

ግሡን ይመርምሩ

አማርኛ ጥፋትን በግስ ውስጥ የመደበቅ ብዙ መንገድ አለው፤ የጠፉት ሦስት መልእክቶቼም የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ዛሬ በስብሰባው ላይ በመካከላችን አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር» ይል ነበር። ማን ፈጠረው? ይህ የቃለ ጉባኤ አማርኛ ነው፤ ባለቤት የለውም። ስታነበው ደብዳቤ የደረሳት እንጂ ሰው ያናገራት አይመስላትም።

ሁለተኛው «ዛሬ ተጯጯህን፣ እንዲህ መሆን አልነበረብንም» የሚል ነበር። «ተ» እና ድግግሞሹ ጥፋቱን ለሁለት ከፈለው። እሷ ግን አልጮኸችም፤ ደብተሯን ነው የከደነችው። «ተቀያየምን»፣ «ተነጋገርን»፣ «ተጋጨን» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ካልተናገረ በስተቀር አይጻፉም። በንግግር ስንጠቀምባቸው ለስላሳ ናቸው፤ በጽሑፍ ሲነበቡ ግን «አንቺም አለሽበት» ይላሉ።

ሦስተኛው «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ፣ ቃል አምልጦኝ ነው» ነበር። ይሄኛው ላይ ጣቴ መላኪያውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ተመለስኩ። «ካ» የምትለው አንዲት ፊደል መቀየሟ ገና አልተረጋገጠም ትላለች፤ እንደ ዳኛ ማስረጃ ትጠይቃታለች። «ቃል አመለጠኝ» ደግሞ ቃሉን በረት ሰብሮ እንደወጣ በሬ ያደርገዋል፤ እረኛው የለበትም።

ትክክለኛው ግስ አጭር ነው፦ «ጮኼብሻለሁ»። ውስጡ ያለችውን «ብ» ይመልከቷት። «ጮኼ ነበር» ቢሉ ጩኸቱ አየር ላይ ቀረ። «ጮኼብሻለሁ» ሲሉ ግን ማን እንደጮኸ፣ በማን ላይ እንደጮኸ፣ ማን እንደተጎዳ በአንድ ቃል አለቀ። «ተናግሬሻለሁ» እና «አዋርጄሻለሁ»ም ይሠራሉ፤ የመጨረሻው ከባድ ስለሆነ ነገሩ በእርግጥ ማዋረድ ከነበረ ብቻ ይጠቀሙበት። ጥፋትን ማጋነንም ራሱ ችግር አለው፦ አንባቢዋ ተነሥታ እርስዎን እንድታጽናና ያስገድዳታል።

«ግን» የሚለውን ቃል መልእክቱ ውስጥ ይፈልጉ። ካገኙት ከእሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ይሰርዙ።

ምክንያት ይጻፋል?

አንድ ሐረግ ቢገባ አይከፋም፤ ባይገባ ይሻላል። መብራቱ፣ ኮንቴይነሩ፣ ከላይ የመጣው ግፊት፣ ሁሉንም እሷም ታውቃለች፤ እሷም እዚያው ስብሰባ ላይ ነበረች። እሷ ጫናውን ተሸክማ ሳትጮህ ነው የዋለችው። ስለዚህ «ጫና በዝቶብኝ ነው» የሚለው የሚሠራው እሷ የማታውቀው ነገር ከነበረ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ቤትዎ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ። ያኔም ከይቅርታው በኋላ፣ በአንድ መስመር ይሁን።

«ይቅርታ» ወይስ «አፉ በይኝ»?

ወሎ ውስጥ ይህ ምርጫ ትርጉም አለው። «ሶሪ» እግር ለረገጡት ሰው ነው። «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ትክክለኛ ቃል ነው፤ የጽሕፈት ቤት ሽታ ግን አለው፤ ሰው ኮቱን ቆልፎ ቆሞ የሚናገረው ይመስላል። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ይሻላል፣ ምክንያቱም ሥልጣኑን ለእሷ ይሰጣታል፦ ማድረግም አለማድረግም ትችላለች።

«አፉ በይኝ» ደግሞ የኛው ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ ቤት ውስጥ የሚባል ቃል ስለሆነ ከቢሮ ጠረጴዛ ያወርደናል። ከሌላ አገር ለመጣ ባልደረባ ግን እንግዳ ሊሆንበት ስለሚችል ለእሱ «ይቅርታ አድርግልኝ» ይበቃል።

መሐላና ልመና አያስገቡ። «በሞቴ»፣ «በእናትሽ»፣ «ወላሂ ሁለተኛ አይለምደኝም» ፊት ለፊት ሲባሉ ሳቅም ያመጡ ይሆናል። ስልክ ላይ ግን ክንድ ጠምዝዞ ይቅርታ መቀበል ናቸው። «በሞቴ» የተባለች ሴት መቆጣት አትችልም፤ መቆጣት ደግሞ ዛሬ መብቷ ነው።

የሚስተካከል ነገር ይፈልጉ

ጥፋቱ ሰው ፊት ሆኖ ይቅርታው በስልክ ብቻ ከቀረ ሌሎቹ ሰባት ሰዎች የሚያውቁት ስድቡን ብቻ ነው። እኔ ያየሁት ክፍተት ቃለ ጉባኤው ነበር። ጸሐፊው «በስቶር በኩል የቆጠራ ክፍተት መኖሩ ተገልጿል» ብሎ ጽፎ ነበር። ያ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ማንም ጩኸቱን አያስታውስም፣ ወረቀቱ ግን አለ። ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ የገባሁት ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ ይህ እንዲታረም ነገ ጠዋት ለጸሐፊው መናገር። የሚፈጸምበት ቀን ያለው፣ በእኔ እጅ ያለ፣ ተፈጽሞ የሚታይ ነገር ነው። «ሁለተኛ አይደገምም» ግን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

ስብሰባ ላይ ተነሥቶ በይፋ ይቅርታ መጠየቅስ? ይህን ሳይጠይቋት አይወስኑ። አንዳንዱ ሰው ሁሉም እንዲሰማ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ነገሩ ሁለተኛ ሲነሣ ሁለተኛ ይዋረዳል። ጥያቄው በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ አይግባ፤ ከመለሰች በኋላ ይምጣ።

የተላከው መልእክት

ስሟን ከመግቢያው ላይ አውጥቼዋለሁ እንጂ የላክሁት ይህ ነው፦

«ሰላም፣ እንዴት አመሸሽ። ዛሬ ስብሰባው ላይ ‹ቁጥር መቁጠር ካቃተሽ ቦታውን ልቀቂ› ብዬ ሰው ፊት ጮኼብሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። የዚፑን ጉድለት ቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቀሽኝ ነበር፤ ወረቀቱን ሳላነብ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲገባ ነገ ጠዋት ለጸሐፊው እነግረዋለሁ። አፉ በይኝ። ለመልስ አትቸኩይ።»

ሰላምታው አንድ መስመር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። እኛ ስንገናኝ ከልጆች እስከ ከብት እንጠያየቃለን፤ ዛሬ ማታ ግን ረጅም ሰላምታ ብድር የሚጠይቅ ሰው መግቢያ ይመስላል። ያለ ሰላምታ መጀመርም አይሆንም፤ ቁጣው ያልበረደ ያስመስላል። ስድቡን ቃል በቃል መድገም ያስፈራል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ይሁንና ይቅርታው ስለ የትኛው ቃል እንደሆነ ከማስገመት መናገሩ ይሻላል። ቃሉ ጸያፍ ከነበረ ግን አይድገሙት፤ «ያልኩሽ ቃል ለማንም የማይባል ነው» ብለው ይለፉት። መጨረሻ ላይ ያለው «አትቸኩይ» ደግሞ ዛሬውኑ «ችግር የለም» እንድትል ከመገደድ ያድናታል።

ቡና ልጋብዝሽ ማለት አማረኝ፤ አልጻፍኩትም። ወንድ ለሴት በማታ የሚልከው የቡና ግብዣ ሌላ ሊመስል ይችላል፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሊያየውም ይችላል።

የት ተጽፎ በምን ይላክ

ቴሌግራም ላይ በእሷ መስኮት ውስጥ አይርቀቁ። እርስዎ እየጻፉ እያጠፉ ሳለ እሷ ከላይ እየጻፉ መሆንዎን ታያለች፤ ለሃያ ደቂቃ «እየጻፈ ነው» ሲል የምታይ ሰው ምን እንደምታስብ ይገምቱ። `Saved Messages` የሚለው የራስዎ ሣጥን ውስጥ ይጻፉትና ሲያልቅ ገልብጠው ይላኩ። የቡድኑ ቻት ውስጥ ደግሞ በፍጹም። የተላከ መልእክት ላይ ስህተት ቢያዩ ማረም ይቻላል፤ ግን `edited` የሚል ምልክት ይቀራል። አጥፍቶ እንደገና መላክ ከዚያም የባሰ ነው፤ የመጀመሪያውን ስልኳ ላይ ብቅ ሲል አንብባው ሊሆን ይችላል።

ኢንተርኔት ከሌላትና በተራ አጭር መልእክት ከሆነ የሚላከው፣ ርዝመቱን ያስቡበት። የግዕዝ ፊደል ሲጠቀሙ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ከዚያ ካለፈ በ67፣ 67 እየተቆረጠ ይሄዳል። ከላይ ያለው መልእክት ክፍት ቦታና ነጥቡ ተቆጥሮ 200 ገደማ ስለሆነ ቢያንስ ሦስት ቁራጭ ይሆናል። አንዱ ቁራጭ ከዘገየ ወይም አሮጌ ስልክ ላይ ተለያይቶ ከደረሰ፣ ስድቡ መጀመሪያ፣ ይቅርታው ከሰዓታት በኋላ ሊነበብ ነው። ለዚህ ሲባል አጭሩን ይላኩ፦

«ዛሬ ሰው ፊት ጮኼብሻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አፉ በይኝ። ነገ ጠዋት ስቶር እመጣለሁ።»

ይህ 53 ፊደል ነው፤ በአንድ ይገባል። የቀረውን በአካል ይነግሯታል።

መቼ?

በዚያው ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት። ወዲያው ከስብሰባው ወጥተው የሚጽፉት አይጠራም፤ እኔ ሰርቪስ ላይ ሐረጎን እየወጣን የጻፍኩት ነው ያ «አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር»። ደሴ ገብቼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ከምሽቱ 1:15 ላይ ላክሁት። ማደር የለበትም የምልበት ምክንያት አንድ ነው፦ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ መገናኘታችን አይቀርም፤ ቀድሞ ያልተጻፈ ሰው ያኔ ሰላም ካለ ምንም እንዳልተፈጠረ ያስመስላል፤ ሰላም ካላለ ደግሞ ኩርፊያውን እሱ ጀመረው ማለት ነው። ዓርብ ከሆነ የጁምዓን ሰዓት ያሳልፉ።

በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ከሆነ

እዚህ ላይ ስልክ ሙሉ ሥራውን አይሠራም። ለአባትዎ እኩያ ይቅርታን በመልእክት ጽፎ መተው ራሱ ድፍረት ነው፤ መልእክቱ ለነገው መንገድ መጥረጊያ ብቻ ይሁን፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ንግግርዎን አቋርጬ ድምፄን ከፍ አድርጌብዎታለሁ፤ ነውር ሠርቻለሁ። ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር መጥቼ አፉ ይበሉኝ እላለሁ።» ከዚያ መሄድ ነው። አልሄድም ካሉ መጀመሪያውኑ አይጻፉት።

ቃሉ ሃይማኖትን፣ ብሔርን፣ ቤተሰብን ወይም አካልን የነካ ከሆነም እንዲሁ፤ መልእክት አይበቃውም፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው መካከል መግባት አለበት። ጉዳዩ አስቀድሞ ወደ ሰው ኃይል ክፍል በአቤቱታ ሄዶ ከሆነ ደግሞ «አንሺልኝ» የሚል ነገር በፍጹም አይጻፉ። ያ ይቅርታ አይደለም፣ ጫና ነው፤ የስልኳ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

ከተላከ በኋላ

ሁለቱ ምልክቶች መጡ፤ አንብባዋለች። መልስ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለተኛ መልእክት ይልካል፤ «አነበብሽው?» ይላል፤ ጥያቄ ምልክት ብቻ የሚልክም አለ። አይላኩ። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡ፤ እኔ ቡፌው ላይ አድርጌው ነው የተኛሁት።

መልስ ሲመጣም ቃሉን ብቻ አያንብቡ። «ችግር የለም» አማርኛ ውስጥ በሩን ዘግቶ መሄድም ነው፣ በሩን መክፈትም ነው። የሚለየው አጠራሯ ነው። በፊት «አንተ» ትልዎት የነበረች ሴት በድንገት «እርስዎ» ካለች ይቅርታው ደርሷል እንጂ ገና አልገባም። ይህን ለማስተካከል የሚጻፍ ነገር የለም። ሰላም ማለት፣ የሥራ ጥያቄን በወጉ መጠየቅ፣ ስትናገር እስክትጨርስ መስማት ብቻ ነው።

እሷ የመለሰችው ማክሰኞ ጠዋት 1:40 ላይ ነው፤ አንድ ቃል፦ «አብሽር»። በሩ ላይ ስንገናኝ ግን «እንደምን አደሩ» አለችኝ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አርሞ ረፋድ ላይ ለሁሉም አዞረው፤ ፈርማ መለሰችው፣ ምንም አላለችም። ረቡዕ ኮንቴይነሩ ወጣ፣ ያለ 400ው። ሐሙስ ከሰዓት ላይን 3 ላይ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ! ዚፕህ ገብቷል፣ መጥተህ ቁጠር።»

ሄጄ ቆጠርኩ። 400 ነበር።